የስፌት ፎቶ ዳራው ሲነሳ ጠርዙ ላይ አረንጓዴ መስመር ይቀራል፤ ምን ይሻላል?

ሰፊዋ ከጁገል

ጤና ይስጥልኝ። ሐረር ጁገል ውስጥ እናቴና ጎረቤቶቻችን የሚሰፉትን ስፌት ፎቶ እያነሳሁ በኢንተርኔት እሸጣለሁ። ሰሞኑን በውጭ አገር ያለች አንዲት ባለሱቅ ሙዳዮቹን ወደደቻቸው፤ ፎቶዎቹ ግን ንጹሕ ነጭ ዳራ ላይ እንዲሆኑላት ጠየቀች። ፎቶዎቹን ያነሳሁት ደጃፋችን ላይ፣ በየበዓሉ በሚቀባው ግድግዳ ፊት ነው። ቀለሙን ታውቁታላችሁ፤ ሰማያዊ ነው ሲሉት አረንጓዴ፣ አረንጓዴ ነው ሲሉት ሰማያዊ የሚሆነው ደማቁ ቀለም ነው።

ዳራውን በራሱ ቆርጦ በሚያነሳ ነጻ ድረ ገጽ ሞከርኩ። በስልኬ ስክሪን ላይ ሳየው ግሩም ነበር። ወደ ኮምፒውተር ወስጄ ሳሰፋው ግን የሙዳዩን ዙሪያ ተከትሎ ቀጭን አረንጓዴ መስመር ይታያል። በክዳኑ ጫፍ ያለው ማንጠልጠያ ቀለበት ውስጡ አልተከፈተም፤ ግድግዳው እንዳለ ተቀምጧል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ከከንፈሩ ወጣ ወጣ ያሉት የአክርማ ጫፎች መጥፋታቸው ነው። ሙዳዩ በማሽን የተቆረጠ ፕላስቲክ መሰለ። እናቴ አይታው «ይህ የእኔ እጅ አይደለም» ብላለች።

በሌላ መሣሪያ ልሞክር ወይስ በእጅ ልቁረጠው? ወደ ሃያ የሚጠጉ ፎቶዎች አሉኝ።

ከዚራ ፎቶ

እህቴ፣ ችግሩ ቀላል ነው። በፎቶሾፕም ሆነ በጊምፕ ማስኩን፣ ማለትም የሚታየውንና የሚደበቀውን የሚለየውን ሽፋን፣ ሁለት ፒክሰል ያህል ወደ ውስጥ ሰብስቢው፤ አረንጓዴው መስመር ከማስኩ ውጭ ስለሚቀር ይጠፋል። እኔ ድሬዳዋ ላይ የጫማና የቦርሳ ፎቶ ለሱቆች ስሠራ ሁልጊዜ የማደርገው ይህንኑ ነው። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ቡና በከረጢት

እኔ ደግሞ የሐረር ቡና አሽጌ እሸጣለሁ። ከረጢቶቹን አንድ ጊዜ በአውቶማቲክ ቆርጬ ጨርሻለሁ፤ እንዲህ ያለ ችግር ገጥሞኝ አያውቅም። የሚያብረቀርቅ ጥቁር ከረጢት ነው፣ ጠርዙም ቀጥ ያለ ነው። መሣሪያው እንከን የለውም። ምናልባት የአንቺ ስልክ ካሜራ ደካማ ይሆናል።

ማተሚያ ቤት ድሬ

ሁለታችሁም የምትሉት ለምርታችሁ እውነት ነው፤ ለሙዳይ ግን አይሠራም። የቡና ከረጢት፣ ጫማ፣ ሲኒ፣ የታሸገ ሳሙና፦ እነዚህ ጠርዛቸው ድፍን ስለሆነ አንዱ ፒክሰል ምርት፣ ቀጥሎ ያለው ዳራ ነው። አውቶማቲክ መሣሪያዎች ለእንዲህ ያለው ነገር የተሠሩ ያህል ናቸው፤ እኔም ለማተሚያ ሥራ የሚመጣልኝን እንዲህ ያለ ፎቶ በእጅ መቁረጥ ከተውኩ ቆይቻለሁ። ስፌት ግን ጠርዙ ቃጫ ነው። አንድ የአክርማ ጫፍ ፎቶው ላይ ከአንድ ፒክሰል ሊቀጥን ይችላል። ያን ጊዜ ፒክሰሉ ግማሹ አክርማ፣ ግማሹ ግድግዳ ይሆንና ካሜራው ሁለቱን አዋሕዶ አንድ ቀለም ብቻ ይመዘግባል። ያየሽው አረንጓዴ መስመር ይህ ድብልቅ ነው።

በቁጥር ላሳይሽ። ግድግዳሽ ቀይ 40፣ አረንጓዴ 160፣ ሰማያዊ 170 ነው እንበል። አክርማው ደግሞ 210፣ 170፣ 100። እኩል የተደባለቀ ፒክሰል 125፣ 165፣ 135 ሆኖ ይመዘገባል፤ ይህ ደብዛዛ አረንጓዴ ነው። መሣሪያው ይህን ፒክሰል «ግማሽ ግልጽ ነው» ብሎ በትክክል ቢለየው እንኳን፣ ቀለሙን ሳይነካ ነጭ ላይ ካስቀመጠው የሚታየው 190፣ 210፣ 195 ነው፤ አሁንም አረንጓዴ። መታየት የነበረበት አክርማው ብቻ ከነጭ ጋር ተደባልቆ ነው፤ እሱም 232፣ 212፣ 178፣ ፈዛዛ የገለባ ቀለም ማለት ነው። ስለዚህ ማስኩ ፍጹም ትክክል ሆኖ ሳለ ፎቶው ሊበላሽ ይችላል። ሁለት የተለያዩ ሥራዎች አሉ፤ አንዱ ምን ያህሉ ምርት እንደሆነ መለየት፣ ሌላው የግድግዳውን ቀለም ከድብልቁ ቀንሶ ማውጣት። ብዙዎቹ ነጻ መሣሪያዎች የመጀመሪያውን ሠርተው ሁለተኛውን ይዘሉታል ወይም በግማሽ ይሠሩታል።

ከዚራ፣ ማስኩን ወደ ውስጥ መሰብሰብ ድብልቁን ፒክሰል ቆርጦ ይጥለዋል። ለጫማ ይሁን። ለስፌት ግን ድብልቁ ፒክሰል ራሱ አክርማው ነው፤ ከጣልሽው የእናቷን እጅ ጣልሽ ማለት ነው።

ከዚራ ፎቶ

ወንድሜ፣ እኔ ወንድ ነኝ። ሐሳቡ ግን ገብቶኛል። ይሁን እንጂ ሃያ ፎቶ በዚህ ሁሉ ሒሳብ ማን ይሠራል? ደንበኛዋ በስልክ ነው የምታየው።

ማተሚያ ቤት ድሬ

ይቅርታ ወንድሜ። ሒሳቡን ሰው አይሠራውም፤ ፕሮግራም ይሠራዋል። ፎቶሾፕ ውስጥ `Select and Mask` ሲከፈት ታች ላይ `Decontaminate Colors` የሚል ምርጫ አለ፤ ሥራው ይኸው ነው። የጠርዙን ቀለም ከውስጥ ባለው የምርቱ ቀለም ይተካዋል። ከልክ በላይ ከገፋሽው ግን ከአለላው ቀይ ወደ ነጩ ገለባ ቀለም ማፍሰስ ይጀምራልና አይንሽን ከጠርዙ ላይ አታንሺ።

መጋላ ተርሚናል

ፎቶሾፕ ለሌለው ሌላ መንገድ አለ። `rembg` የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ በራስሽ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል፣ ፎቶሽን ወደ ማንም አትልኪም። ሲጀምር ምርቱን ከዳራው የሚለየውን ሞዴል ያወርዳል፤ እሱም 170 ሜጋባይት ገደማ ስለሆነ ኢንተርኔት በሚፈጥንበት ሰዓት አድርጊው።

```
pip install "rembg[cpu,cli]"
rembg i -m isnet-general-use muday.jpg muday.png
```

ሞዴሉን ለይቼ የጻፍኩት በምክንያት ነው። ምንም ሳትመርጪ ከሠራሽ `u2net` በሚባለው ይሠራል፤ እሱ ደግሞ ፎቶውን 320 በ320 ፒክሰል አድርጎ አሳንሶ ነው የሚያየው። የስልክሽ ፎቶ ወርዱ 4000 ፒክሰል ከሆነ ከአሥራ ሁለት ጊዜ በላይ አነሰ ማለት ነው። አምስት ፒክሰል የሚወፍር የአክርማ ጫፍ ከግማሽ ፒክሰል በታች ይሆናል፤ ሞዴሉ አያየውም፤ ያላየውን ደግሞ ሊቆርጥልሽ አይችልም። ከዚያ ትንሹ ማስክ ተለጥጦ ወደ 4000 ይመለሳል። ሙዳዩ ፕላስቲክ የመሰለው ለዚህ ሊሆን ይችላል። `isnet-general-use` በ1024 ነው የሚያየው። ያው አምስት ፒክሰል ከአንድ ፒክሰል ትንሽ ይበልጣል፤ ቢያንስ ይታያል።

ለዚህ ነው ለቡና ሻጩ ወንድማችን «ካሜራው ደካማ ነው» የሚለው የማይዋጥልኝ። የ12 ሜጋፒክሰሉም የ50 ሜጋፒክሰሉም ስልክ ፎቶ ለሞዴሉ ያው 320 ነው።

ቡና በከረጢት

እሺ፣ ካሜራውን ትቻለሁ። ግን ልጠይቅ፦ የእኔ ከረጢት ላይ ቡናው የሚታይበት ግልጽ የፕላስቲክ መስኮት ያለው አዲስ ዓይነት አለ። ይህንኑ መሣሪያ ብጠቀም መስኮቱን ይቆርጠዋል ወይ?

ማተሚያ ቤት ድሬ

ከመስኮቱ ጀርባ ቡና ካለ ችግር የለም፤ የሚታየው ቡናው ነው። ባዶ ብርጭቆ ወይም ጠርሙስ ከሆነ ግን ሌላ ታሪክ ነው፤ በመስታወቱ ውስጥ የሚታየውን ግድግዳ መሣሪያው የጠርሙሱ አካል ያደርገዋል። ጠርሙስን ከመጀመሪያው ነጭ ፊት ማንሳት ነው፤ ያን ጊዜ ማንሳት የሚያስፈልገው ዳራ የለም።

አዲስ ገቢ 25

ለፓስፖርት ፎቶ ዳራ ነጭ ማድረግ ፈልጌ ነበር። ፀጉሬ ላይ ችግር ያመጣል? ከላይ ያለው ትእዛዝ ይሠራል?

መጋላ ተርሚናል

ወንድሜ፣ ለመታወቂያና ለፓስፖርት ነጭ ግድግዳ ፊት ቁም፤ አትቁረጠው። ይህ ስለ ምርት ፎቶ ነው።

ሰፊዋ ከጁገል

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መጋላ እንዳለው ሠራሁ፤ የወንድሜ ኮምፒውተር ላይ ነው። ለውጡ ትልቅ ነው፤ ወፈር ያሉት የአክርማ ጫፎች ተመልሰዋል። ቀጫጭኖቹ ግን ገና ናቸው፤ አረንጓዴውም አልለቀቀም። እንዲያውም ጫፎቹ ስለተመለሱ አረንጓዴው ባሰበት። የማንጠልጠያው ቀለበት አሁንም ድፍን ነው።

መጋላ ተርሚናል

የሚጠበቅ ነው። አሁን `-a` ጨምሪ። ይህ ጠርዙ አካባቢ የጥርጣሬ ሰቅ ይፈጥርና በዚያ ሰቅ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ፒክሰል እንደገና ያሰላል፤ ማተሚያ ቤት ያለውን የቀለም መቀነስም ይሠራል።

```
rembg i -m isnet-general-use -a -ae 40 muday.jpg muday2.png
```

`-ae` የሰቁን ስፋት የሚወስን ነው። ሳትጽፊው ከተውሽ 10 ነው፤ ለትልቅ ፎቶ እሱ ጠባብ ነው። አክርማው ከሰቁ ወጥቶ ከሄደ ፕሮግራሙ «ይህ በርግጥ ግድግዳ ነው» ብሎ አስቀድሞ ወስኗልና አይመለስለትም። በጣም ካሰፋሽው ደግሞ በሙዳዩ ውስጥ ያለው አረንጓዴ አለላ ራሱ ይጠረጠራል። ሲሠራ ማሽኑ ይከብደዋል፤ ሜሞሪው ትንሽ የሆነ ኮምፒውተር ላይ ሊቆም ስለሚችል ፎቶውን አስቀድመሽ ወርዱን ወደ 2000 ፒክሰል አውርጂው። ለኢንተርኔት ሱቅ ይበቃል። ወርዱን ስታወርጂ ሰቁንም በዚያው ልክ ወደ 20 አውርጂ።

ከዚራ ፎቶ

አረንጓዴ አለላ ያለበት ሙዳይ በአረንጓዴ ግድግዳ ፊት ማንሳት እንግዲህ ራሱ ፈተና ነው።

ማተሚያ ቤት ድሬ

ትክክል። መሣሪያው ጠርዝን የሚለየው ከሁለቱ ጎን ባለው ልዩነት ነው። ነጭ ነጠላ በነጭ ግድግዳ ፊት ቢነሳ፣ ጥልፉን ይዞ ነጩን ክፍል በልቶ ሲተወው አይቻለሁ።

ሰፊዋ፣ የቀለበቱን ነገር ግን ከመሣሪያ አትጠብቂ። ሞዴሎቹ የምርቱን አጠቃላይ ቅርጽ ስለሚፈልጉ ትንሽ ቀዳዳን ድፍን አድርገው ማለፍ ይቀናቸዋል። እሱን በእጅ መክፈት ነው፤ ለአንድ ቀለበት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ጊምፕ ውስጥ የተቆረጠውን ሥዕል ክፈቺ፤ በላዬሩ ላይ ማስክ ጨምሪ፤ ሲጠይቅሽ ነባሩን ግልጽነት ወደ ማስክ የሚያዛውረውን ምረጪ። ከዚያ የፓዝ መሣሪያውን ይዘሽ የቀለበቱን ውስጠኛ ከንፈር ዙሪ፤ ወደ ምርጫ ቀይሪው፤ አንድ ፒክሰል አለስልሺው፤ ማስኩ ላይ በጥቁር ሙዪው። በፍጹም በማጥፊያ አታጥፊው። ማስክ ላይ ከሠራሽ በእጅሽ የቆረጥሽው ሁሉ ከሥር አለ፤ ነጭ ብሩሽ ይመልሰዋል።

ሥራው ሲያልቅ ደግሞ በነጭ ላይ ብቻ አትመልከቺው። ከሥሩ አንድ ጥቁር ላዬር፣ አንድ ደማቅ ቀይ ላዬር አስገቢና አንዱን እያበራሽ ሌላውን እያጠፋሽ እዪ። ነጭ ላይ የተደበቀ የገረጣ ጠርዝ ጥቁር ላይ እንደ ብርሃን ቀለበት ይወጣል። ያልተከፈተ ቀዳዳ ቀዩ ላይ ወዲያው ይታያል። ከዚያ በአራት እጥፍ አስፍተሽ ዙሪያውን ቀስ ብለሽ ተከተይው።

የአንጥረኛው ልጅ

እኔ የብር ጌጥ ፎቶ ነው የምሠራው፤ አባቴ አንጥረኛ ነው። እኔ ጋር ጠርዙ ንጹሕ ነው፤ ዳራው ከተነሳ በኋላ ግን የብሩ ሆድ ላይ የግድግዳው ቀለም ይታያል። `-a` ይህን ያጠፋዋል?

ማተሚያ ቤት ድሬ

አያጠፋውም። ያንተ ሌላ በሽታ ነው። የእሷ መስመር አንድ ሁለት ፒክሰል ነው፤ ከድብልቅ የመጣ። ያንተ ቀለም ወደ ሆዱ ዘልቆ እየደበዘዘ የሚሄድ ከሆነ ከግድግዳው የተንጸባረቀ ብርሃን ነው፤ ብሩ እውነት ያን ቀለም ይዟል። ዳራ የሚያነሳ ፕሮግራም ይህን ጌጡ ላይ ያለ ቀለም አድርጎ ነው የሚወስደው። መድኃኒቱ ከመነሳቱ በፊት ነው፤ ጌጡን በነጭ አቡጀዲ ከላይም ከጎንም ከልለህ ብርሃኑን ከጨርቁ ውጭ አድርገህ አንሳ። ያኔ ብሩ የሚያንጸባርቀው አቡጀዲውን ይሆናል። ትንሽ ጥቁር ወረቀት በአንድ ጎን ካላቆምክ ግን ብሩ ሁሉ ነጭ ሆኖ ቅርጹ ይጠፋል።

ሰፊዋም ብትሆን ይህ ሳይነካት አይቀርም። ሙዳዩ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ከነበረ የታችኛው ጎኑ ላይ አረንጓዴ ጥላ ይኖራል፤ እሱን `-a` አይነካውም።

ሰፊዋ ከጁገል

እውነት ነው፤ ከሥሩ አለ! ጋሼ እንዴት አወቁ? እኔ ጥላ መስሎኝ ነበር።

በ`-ae 20` ሠራሁት፤ አብዛኛው አረንጓዴ መስመር ሄደ። ከንፈሩ አካባቢ የገለባ ቀለም ሆኗል። ቀለበቱንም በእጅ ከፈትኩ። ቀዩ ላዬር ላይ ሳየው ግን በሁለት ክፍት ስፌቶች መካከል የቀረ ትንሽ የግድግዳ ቁራጭ አገኘሁ፤ ነጭ ላይ ፈጽሞ አይታይም ነበር። ቀጫጭኖቹ ጫፎች ግን እስካሁን የሉም።

መጋላ ተርሚናል

አንድ ዘዴ አለ። የከንፈሩን ክፍል ብቻ ወርዱን ወደ 2000 ካወረድሽው ዋና ፎቶ ላይ ቆርጠሽ አውጪ፤ ለምሳሌ 1000 በ1000 ፒክሰል። እሱን ለብቻው በ`rembg` አሳልፊ። ሞዴሉ አሁን ሳያሳንስ ያየዋል፤ ጫፎቹም ይወጣሉ። `-om` ካልሽው ማስኩን ብቻ ይሰጥሻል፤ እሱን በትልቁ ማስክ ላይ በቦታው ታሰፍሪዋለሽ።

```
rembg i -m isnet-general-use -om kenfer.jpg kenfer-mask.png
```

ከዚራ ፎቶ

ይህን እኔ ሞክሬዋለሁ፤ በጫማ ማሰሪያ ነበር። አንዳንዱ ላይ ተአምር ሠራ፤ አንዳንዱ ላይ ደግሞ ማሰሪያውን ትቶ ግድግዳውን «ምርቱ ይህ ነው» ብሎ ያዘው። ሙሉው ነገር ካልታየው ግራ ይገባዋል።

መጋላ ተርሚናል

ልክ ነህ፤ ቁራጩ ውስጥ የሙዳዩ ሰፊ ክፍል ሊኖር ይገባል። ግማሹ ሙዳይ፣ ግማሹ ግድግዳ ቢሆን ይሻላል። ያም ሆኖ አንዳንዴ ይስታል።

ማተሚያ ቤት ድሬ

እኔ ለእንዲህ ያሉት ጫፎች በቀጥታ እጅ ነው የምጠቀመው። ዋናውን ፎቶ በተመሳሳይ መጠን ከተቆረጠው ሥዕል ሥር ላዬር አድርጌ፣ ጥቁር ማስክ ሰጥቼው፣ ማስኩ ላይ ሁለት ፒክሰል በሚሆን ነጭ ብሩሽ አክርማውን እየተከተልኩ አንድ በአንድ እመልሳቸዋለሁ። ሁሉንም አይደለም፤ ከከንፈሩ ላይ ጎልተው የሚታዩትን ብቻ። ጫፉ ሲመለስ አረንጓዴውን ይዞ ይመለሳል፤ ስለዚህ ከማስኩ ወደ ሥዕሉ ራሱ ዞረሽ፣ ከውስጥ ካለው ገለባ ቀለም አንስተሽ፣ የብሩሹን ሁነታ `LCh Color` አድርገሽ ጫፉን ቀቢው። ይህ ሁነታ ቀለሙን ብቻ ይቀይራል፤ ብርሃንና ጥላውን ስለሚተወው የቃጫው መልክ አይጠፋም። ለአንድ ሙዳይ ሩብ ሰዓት ይፈጃል። ሃያው ላይ ሁሉ አታድርጊው፤ በትልቁ ለሚታዩት ሁለት ሦስት ፎቶዎች ብቻ።

አለላ ናፋቂ

እኔ ፎቶ ቆራጭ አይደለሁም፤ ሐረር ተወልጄ ውጭ አገር የምኖር ሴት ነኝ። ለመሆኑ ግድግዳውን ለምን ታጠፉታላችሁ? እኔ ያን ግድግዳ ሳይ ነው ልቤ የሚነካው፤ እዚህ ያሉ ጓደኞቼም ከግድግዳው ጋር ያለውን ፎቶ ነው የሚወዱት። ነጭ ላይ የተቀመጠ ስፌት የሙዚየም ካታሎግ ይመስላል።

ሰፊዋ ከጁገል

እህቴ፣ እኔም እወደዋለሁ። ግን ባለሱቋ የሌላ አገር ቅርጫትም ስለምትሸጥ ሁሉም አንድ ዓይነት ዳራ ላይ እንዲሆን ነው የጠየቀችው።

ከዚራ ፎቶ

እንደ ሽያጩ ቦታ ነው። ለምሳሌ አማዞን ዋናው ፎቶ ንጹሕ ነጭ፣ ማለትም 255፣ 255፣ 255 እንዲሆንና ምርቱ ከፍሬሙ ቢያንስ 85 በመቶ እንዲሞላ ይጠይቃል። ተከታዮቹ ፎቶዎች ላይ ግን ግድግዳውንም ሰውንም ማሳየት ይቻላል። ስለዚህ ሁለቱንም አስቀምጪ፤ አንዱ ነጭ፣ የቀሩት ከነግድግዳው።

አለላ ናፋቂ

ይሁን። ግን ነጩ ላይ ሙዳዩ አየር ላይ የተንሳፈፈ መስሎኛል። ከሥሩ ጥላ የለውም።

መጋላ ተርሚናል

መሣሪያው ጥላውን ከዳራው ጋር ነው የሚጥለው። ከሥሩ አዲስ ጥላ መሥራት ይቻላል፤ ከሙዳዩ ሥር በሌላ ላዬር ጠፍጣፋ ጥቁር ሞላላ ሥለሽ በደንብ አደብዝዘሽ ግልጽነቱን ወደ ሃያ በመቶ አውርጂ።

ማተሚያ ቤት ድሬ

እኔ የሚሠራ ጥላ አልወድም። ብርሃኑ ከግራ መጥቶ ሳለ ጥላውን ከመሃል ስታደርጊው አይን ይጎረብጠዋል። ካስፈለገ ሙዳዩ የሚነካበት ቦታ ላይ ብቻ ጠባብና ጠቆር ያለ መስመር ይብቃ።

ሰፊዋ ከጁገል

የቀሩትን ሙዳዮች ገና አላነሳሁም። እንግዲህ እንደ አዲስ ካነሳሁ በምን ፊት ላንሳ? ነጭ አንሶላ ይሻላል?

ማተሚያ ቤት ድሬ

መጨረሻው ነጭ ላይ የሚሆን ከሆነ ነጭ ፊት አንሺ። ምክንያቱ ያው ድብልቁ ነው። አክርማውና ነጩ የተደባለቁበት ፒክሰል፣ መልሰሽ ነጭ ላይ ብታስቀምጪው ነውር የለውም፤ የሚታየው ፈዛዛ ገለባ ነው። አረንጓዴውን ለማጥፋት የደከምሽው ድካም ሁሉ ይቀርልሻል። ሙዳዩን ከአንሶላው አንድ ሜትር ያህል አርቂው፤ ጥላው አንሶላው ላይ እንዳይወድቅ፣ የግድግዳ ነጸብራቅም እንዳይመጣ። በስልኩ ላይ ዳራ የሚያደበዝዘውን የፖርትሬት ሁነታ አትጠቀሚ፤ ቃጫዎቹን ስልኩ ራሱ ያደበዝዛቸዋል። ወደ ኮምፒውተር ስታሻግሪም በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኪው፤ እንደ ፎቶ ሲላክ ያንሳል፣ ይጨመቃል፤ መጭመቁ ደግሞ መጀመሪያ የሚበላው የጠርዙን ቀለም ነው።

ከዚራ ፎቶ

እዚህ ላይ አልስማማም። ገለባው የገረጣ ነው፤ ያልተቀባው ስፌት ነጭ ፊት ከተነሳ ፀሐይ ያገኘው ጎኑ ከአንሶላው ጋር ይመሳሰላል፤ መሣሪያው እዚያ ጋር ይበላዋል። ራስዎ ስለ ነጠላው ያሉት ነው። እኔ ግራጫ ወረቀት ነው የምመርጠው። ግራጫ ምንም ዓይነት ቀለም ስለሌለው ድብልቁ ነጭ ላይ ሲቀመጥ ቢበዛ ትንሽ የጨለመ ጠርዝ ይሆናል፤ ሰው ጥላ ብሎ ያልፈዋል።

ማተሚያ ቤት ድሬ

ግራጫውም ይሄዳል። ግን ያ የጨለመ ጠርዝ በቀጫጭን ቃጫ ላይ ስፌቱን አቧራ የነካው ያስመስለዋል። እኔ ነጩን መርጬ፣ ብርሃኑን ወደ ጎን አድርጌ የሙዳዩ ጠርዝ ጠቆር እንዲል አደርጋለሁ።

ከዚራ ፎቶ

እኛ ጋር ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ የድሬዳዋን ፀሐይ ወደ ጎን የሚያደርግ ሰው ካለ ያሳዩኝ።

መጋላ ተርሚናል

ጠዋት ወይም ከአሥር ሰዓት በኋላ ጥላ ሥር ያንሱ እንጂ። ሰፊዋ፣ አንዱን ሙዳይ በሁለቱም አንሺና ለጥፊልን፤ እዚሁ እንየው።

ሰፊዋ ከጁገል

እሺ። ግራጫ ወረቀት ከመኪና ግርግር አካባቢ ካገኘሁ ነገ ጠዋት በሁለቱም አነሳለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ የተቆረጠውን ፎቶ ወንድሜ በ`jpg` ሲያስቀምጠው ግልጹ ቦታ ጥቁር ሆነ። ይህስ ምንድን ነው?

መጋላ ተርሚናል

`jpg` ግልጽነት አይይዝም። ሥራ ላይ ሳለ በ`png` አስቀምጡት። ለባለሱቋ የምትልኪውን ግን ከሥሩ ነጭ ላዬር አድርገሽ፣ አንድ ላይ አዋሕደሽ፣ ከዚያ በ`jpg` ብታወጪው ምንም አይሆንም።

የአንጥረኛው ልጅ

አቡጀዲውን ሞከርኩ፤ አረንጓዴው ከብሩ ላይ ጠፋ። አሁን ደግሞ የስልኬ ነጸብራቅ ሆዱ መካከል ላይ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይታያል። ጨርቁ ላይ ቀዳዳ ልቅደድ ወይስ ከሩቅ ልሳብ?

ማተሚያ ቤት ድሬ

ከሩቅ ሆነህ በሁለት እጥፍ ሌንስ አንሳ፤ ስልክህ ካለው። ነጥቡ ይቀንሳል እንጂ ፈጽሞ አይጠፋም።